ዛሬ ስንት ቀረ? ከገደብ በታችስ መቼ ይወርዳል? የአዮዲን 131 ናሙናን በግማሽ ዕድሜ የማስላት መመሪያ

«ብልቃጡ ላይ 40 ሚሊኪዩሪ ይላል። ዛሬ ስንት ቀርቶታል? ከገደብ በታች የሚወርደውስ መቼ ነው?» ይህ ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም፣ ከፊዚክስ ተማሪዎችም ናሙና ከሚያስቀምጡ የላቦራቶሪ ሠራተኞችም በየጊዜው ይደርሰናል። የሚላክልንን ስሌት ስናየው ቀመሩ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። የሚሳሳተው ወደ ቀመሩ የገባው ቁጥር ነው፤ አሃዱ ሳይቀየር፣ ቀኑ ከሁለት የዘመን አቆጣጠር ተቀላቅሎ፣ ገደቡም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይገባል። ስለዚህ ከታች አንድ ምሳሌ ይዘን ከሌብሉ ንባብ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ እንሄዳለን።

ምሳሌው ይህ ነው። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የተቆለፈ መጋዘን፣ በእርሳስ መከለያ ውስጥ፣ አንድ የአዮዲን 131 ብልቃጥ ተቀምጧል እንበል። ሌብሉ `I-131`፣ `40 mCi`፣ `08 JUL 2025` ይላል። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው፦ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ስንት ቀርቷል? ከ1 ሜጋቤኩሬል በታች የሚወርደውስ መቼ ነው?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የናሙናው ሌብል ወይም አብሮት የመጣው ሰርተፍኬት። በቃል የተነገረ ቁጥር አይበቃም።
- `ln` ቁልፍ ያለው ካልኩሌተር። የስልኩም ይሆናል፤ ብዙ ስልኮች ላይ ቁልፉ የሚታየው ስልኩ ወደ ጎን ሲዞር ነው።
- የኢትዮጵያንና የፈረንጆችን ቀን ጎን ለጎን የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ።
- የመሥሪያ ቤቱ የጨረራ ፈቃድ፤ ገደቡ የሚነበበው ከዚያ ነው።
- ለመጨረሻው ማረጋገጫ የጨረራ ቆጣሪ መሣሪያና የሰዓት መቁጠሪያ።

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

ሌብሉን ለማንበብ ብለው ብልቃጡን ከመከለያው አያውጡ፤ መክደኛውንም አይክፈቱ። አዮዲን በቀላሉ ይተናል፣ ወደ ሰውነት ሲገባ ደግሞ የሚከማቸው እንቅርት ዕጢ ላይ ነው። ሌብሉ የማይታይ ከሆነ ሰርተፍኬቱን ወይም የመጋዘኑን መዝገብ ይጠቀሙ።

ስሌቱ ብቻውን ናሙናውን የማስወገድ ፈቃድ አይሆንም። ስሌቱ የሚነግርዎ መቼ መለካት እንደሚገባ ነው፤ ለቅቆ ለማውጣት የጨረራ ደኅንነት ኃላፊው ፊርማና የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መመሪያ ያስፈልጋል።

ገደቡ ላይ ለመድረስ ናሙናውን ከሌላ ነገር ጋር አያደባልቁ። ውሃ ቢጨመርበት በግራም ያለው መጠን ያንሳል እንጂ በሰከንድ የሚፈርሰው አተም ቁጥር አንድም አይቀንስም።

ደረጃ 1፦ ከሌብሉ ሦስት ነገር ይጻፉ

የንጥረ ነገሩ ስም ከነቁጥሩ፣ አክቲቪቲው ማለትም በሰከንድ የሚፈርሰው አተም ብዛት፣ አክቲቪቲው የተለካበት ቀንና ሰዓት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ስሌቱ አይጀመርም።

ቁጥሩ የሚያስፈልገው ግማሽ ዕድሜውን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። አዮዲን 131 ከነበሩት አተሞች ግማሹ ለመፍረስ 8.02 ቀን ይበቃዋል፤ አዮዲን 125 ግን 59 ቀን ገደማ ይፈልጋል። «አዮዲን» ብሎ ብቻ የጻፈ መዝገብ የሰባት እጥፍ የጊዜ ልዩነት ደብቆ ይዟል።

ቀኑ የሚያስፈልገው ደግሞ 40 ሚሊኪዩሪ የሚለው ቁጥር ለአንዲት ቅጽበት ብቻ እውነት ስለሆነ ነው። ሰርተፍኬቶች ላይ ይህ ቀን `reference date` ወይም `calibration date` ተብሎ ይጻፋል። ዕቃው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የደረሰበት ቀን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም፤ በመጓጓዣ ያለፈው ጊዜም ይቆጠራል። አንዳንድ ሰርተፍኬት `expiry` የሚል ሌላ ቀንም ይይዛል፤ እሱ የአገልግሎት ማብቂያ ስለሆነ ወደ ስሌቱ አይገባም።

ደረጃ 2፦ አክቲቪቲውን ወደ ቤኩሬል ይቀይሩ

አንድ ቤኩሬል ማለት በሰከንድ አንድ አተም መፍረሱ ነው። ገደቦቹ ሁሉ የሚጻፉት በዚህ አሃድ ሲሆን ሌብሎች ግን አሁንም በኪዩሪ ይመጣሉ። 1 ሚሊኪዩሪ 37 ሜጋቤኩሬል ነው፤ ስለዚህ፦

```
40 × 37 = 1480 MBq
```

መነሻችን 1480 ሜጋቤኩሬል ሆነ። እዚህ ላይ ፊደሎቹን አተኩረው ይዩ። `mCi` ሚሊኪዩሪ ነው፣ `µCi` ማይክሮኪዩሪ ነው፣ ልዩነታቸው ሺህ እጥፍ ነው። `MBq` በትልቁ ኤም ሜጋቤኩሬል ነው፣ `mBq` በትንሹ ኤም ሚሊቤኩሬል ነው፣ ልዩነታቸው ቢሊዮን እጥፍ ነው። መዝገቡን በእጅ የሚሞላ ሰው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለማይለይ፣ መዝገብ ላይ «ሜጋቤኩሬል» ብሎ በአማርኛ መጻፍ የተሻለ ነው እንላለን።

ደረጃ 3፦ ያለፈውን ጊዜ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ይቁጠሩ

እኛ ዘንድ ከሁሉም በላይ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ ደግሞ ስለዚህ አያነሳም። ሌብሉ በፈረንጆች ቀን ነው፣ የመጋዘኑ መዝገብ በእኛ ቀን ነው። ሁለቱን ቀጥታ መቀናነስ አይቻልም፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ አንዱ ይመልሱ።

በምሳሌያችን ጁላይ 8 ቀን 2025 ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ እስከ ነሐሴ 1 ድረስ ልክ 30 ቀን ነው።

ሌብሉ ወሩን በፊደል ስለጻፈ ዕድለኞች ነን። `07/08/2025` ብሎ ቢመጣስ? ወሩን የሚያስቀድሙ አገሮች ጁላይ 8 ይሉታል፤ ቀኑን የሚያስቀድሙ ኦገስት 7። በእኛ አቆጣጠር አንዱ ሐምሌ 1፣ ሌላው ነሐሴ 1 ነው። የ30 ቀን ልዩነት ለአዮዲን 131 ከ13 እጥፍ በላይ የአክቲቪቲ ልዩነት ነው። ቀኑ በዚህ መልክ የመጣ እንደሆነ ከሰርተፍኬቱ ሌላ ገጽ ወይም ከላኪው ሰነድ ያረጋግጡ። ማረጋገጥ ካልቻሉ ዘግይቶ የሚመጣውን፣ ማለትም ነሐሴ 1ን ይውሰዱ፤ ናሙናው ሳያስፈልገው ጥቂት ሳምንት ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም።

ጊዜው ጳጉሜን የሚያቋርጥ ከሆነ ጳጉሜ ይቆጠራል፤ 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6። «ወር በ30» ብሎ የሚያባዛ ሰው እነዚህን ቀናት ይጥላቸዋል። ወደፊት ሲቆጥሩ ስህተቱ የሚያስከትለው መዘግየት ብቻ ነው። ወደኋላ ሲቆጥሩ ግን ይጎዳል፦ መስከረም ላይ የተለካን ናሙና በሐምሌ ስንት እንደነበር ለማወቅ የሚሠላ ሰው 5 ቀን ከረሳ፣ የነበረውን በ35 በመቶ ያህል አሳንሶ ይጽፋል።

ሰዓትስ? ለአዮዲን 131 ጥቂት ሰዓት ብዙ አይለውጥም፤ ሦስት ሰዓት አንድ በመቶ ያህል ነው። ግማሽ ዕድሜው አጭር ለሆነ ናሙና ግን ወሳኝ ነው። ቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓትና በፈረንጆች ሰዓት መካከል ያለው ልዩነትም 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ `09:00` የሚለውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት መሆኑን ረስቶ «9 ሰዓት» ያለ ሰው፣ ቀሪውን አክቲቪቲ በትክክል በሁለት እጥፍ ያዛባዋል። ከሰዓቱ ጎን `GMT` ወይም `UTC` የሚል ካለ ደግሞ መጀመሪያ 3 ሰዓት ይደምሩበት።

ደረጃ 4፦ ቀሪውን አክቲቪቲ ያስሉ

ቀመሩ፦

```
A = A0 × (1/2)^(t/T)
```

`A0` መነሻው፣ `t` ያለፈው ጊዜ፣ `T` ግማሽ ዕድሜው ነው። `t` እና `T` በአንድ አሃድ መሆን አለባቸው፤ አንዱ በቀን ከሆነ ሌላውም በቀን። ቀመሩ የሚለው ቀላል ነገር ነው፦ በመካከል ስንት ግማሽ ዕድሜ እንዳለፈ ቁጠር፣ ያንን ያህል ጊዜ ለሁለት ክፈል።

መጀመሪያ 30ን ለ8.02 እናካፍላለን፦ 3.74 ግማሽ ዕድሜ። በ3 ግማሽ ዕድሜ 1480 ወደ 185 ይወርዳል፣ በ4 ወደ 92.5። መልሱ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መሆን እንዳለበት ካልኩሌተር ሳይነኩ አወቅን። አሁን በካልኩሌተር፦

```
1480 × 0.5^(30/8.02) = 110.7 MBq
```

ነሐሴ 1 ቀን ብልቃጡ ውስጥ 110.7 ሜጋቤኩሬል ገደማ ቀርቷል። ካልኩሌተሩ ከ92.5 እስከ 185 ካለው ክልል ውጭ የሆነ ቁጥር ከሰጠዎ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቅንፉ ነው። `0.5^30/8.02` ብለው ያለ ቅንፍ ከጻፉ ማሽኑ 0.5ን 30 ጊዜ አባዝቶ ከዚያ ለ8.02 ያካፍላል፤ የሚሰጠው ቁጥር ለዜሮ የቀረበ ስለሆነ «አለቀ» ብሎ ያታልላል።

ደረጃ 5፦ ገደቡን ከፈቃዱ ይውሰዱ

«ደኅና» የሚባል አንድ የወል ቁጥር የለም፤ ገደቡ ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ይለያያል። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በመሠረታዊ የደኅንነት መስፈርቱ ለአዮዲን 131 ያስቀመጠው ከቁጥጥር ነፃ መሆኛ መጠን በጠቅላላው 1 ሜጋቤኩሬል፣ በግራም ደግሞ 100 ቤኩሬል ነው። የእርስዎ ፈቃድ ከዚህ የጠበቀ ቁጥር ሊይዝ ይችላል፤ የሚሠራበት የፈቃዱ ነው።

ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ የጠቅላላው ገደብ ለመጋዘኑ በሙሉ እንጂ ለአንድ ብልቃጥ አይደለም። እያንዳንዳቸው 0.9 ሜጋቤኩሬል የያዙ አራት ብልቃጦች በድምሩ 3.6 ናቸው፤ ከገደብ በላይ ናቸው። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ የሚጠይቀው በጠቅላላው ነው ወይስ በግራም? ይህ መልሱን በሳምንታት ይለውጠዋል፤ ደረጃ 6 ላይ እናሳያለን።

ደረጃ 6፦ ገደቡ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ያስሉ

ያው ቀመር ለጊዜ ሲፈታ እንዲህ ይሆናል፦

```
t = T × ln(A0/A) / ln(2)
```

አሁን `A` ገደቡ ነው፣ 1 ሜጋቤኩሬል። መነሻውና ገደቡ በአንድ አሃድ መሆናቸውን ካዩ በኋላ ያስገቡ፦

```
8.02 × ln(1480/1) / ln(2) = 84.46
```

ያለ `ln` ማድረስ የሚፈልግ ለሁለት እያካፈለ ይውረድ፦ 1480፣ 740፣ 370፣ 185፣ 92.5፣ 46.3፣ 23.1፣ 11.6፣ 5.8፣ 2.9፣ 1.45፣ 0.72። ከ1 በታች የወረድነው በ11ኛው ክፍፍል ነው፤ 11 ጊዜ 8.02 ደግሞ 88.2 ቀን ነው። ትክክለኛው መልስ በ10ኛውና በ11ኛው መካከል፣ ማለትም በ80.2 እና በ88.2 ቀን መካከል ነው፤ 84.46 እዚያው ገባ። ፈተና ላይ ካልኩሌተር ካልተፈቀደ 88.2 ብሎ መተው ከገደብ በታች ስለሆነ የሚያስከስስ አይደለም።

ፈቃዱ በግራም ቢሆንስ? የብልቃጡ ይዘትና አብሮት የሚወገደው ነገር 2 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 2000 ግራም ጊዜ 100 ቤኩሬል 200,000 ቤኩሬል፣ ማለትም 0.2 ሜጋቤኩሬል ነው። `A` አሁን 0.2 ሲሆን መልሱ 103.1 ቀን ይሆናል፤ ከቀድሞው 19 ቀን ያህል ይዘገያል። ለዚህ ነው ገደቡ ሳይታወቅ «ስንት ቀን ይፈጃል?» ለሚለው መልስ የማንሰጠው።

በኤክሴል የሚሠሩ ከሆነ፦

```
=1480*0.5^(30/8.02)
=ROUNDUP(8.02*LN(1480/1)/LN(2),0)
```

ኤክሴል ቀን ሲጻፍለት እንደ ኮምፒውተሩ ቅንብር ቀንና ወሩን ስለሚያገላብጥ፣ ያለፉትን ቀናት ራስዎ ቆጥረው ቁጥሩን ብቻ ያስገቡ።

ደረጃ 7፦ ወደ ላይ ያጠጋጉ፣ ቀኑን ይጻፉ

84.46 በተለመደው ማጠጋጋት 84 ይሆናል። እዚህ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፦ 85። በ84ኛው ቀን ያለው 1.04 ሜጋቤኩሬል ነው፣ ገና ከገደብ በላይ። በ85ኛው 0.95 ነው።

ከሐምሌ 1 ተነስተን 85 ቀን እንቁጠር። እስከ ሐምሌ 30 ሃያ ዘጠኝ፣ ነሐሴን ጨምሮ ሃምሳ ዘጠኝ፣ 5 የጳጉሜ ቀናት ሲደመሩ ስድሳ አራት፤ የቀረው ሃያ አንድ ነው። ቀኑ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ቀን 2025 ሆነ። ሁለቱንም አቆጣጠር በየፊናው ቆጥሮ አንድ ቀን ላይ መገናኘታቸውን ማየት ጥሩ ማጣሪያ ነው፤ ካልተገናኙ ደረጃ 3 ላይ የተሳሳተ ነገር አለ። በግራም የተሠላው 104 ቀን ደግሞ ጥቅምት 10 ላይ ይውላል።

የመነሻው አክቲቪቲ ራሱ እርግጠኛ ካልሆነስ? ይህ ከሚፈራው ያነሰ ጉዳት አለው። ቁጥሩ በ10 በመቶ ቢያንስ ወይም ቢበዛ መልሱ የሚለወጠው በአንድ ቀን ገደማ ነው፤ በሁለት እጥፍ ቢሳሳት እንኳ በአንድ ግማሽ ዕድሜ፣ በ8 ቀን። በአንጻሩ ጁላይ 8 እና ኦገስት 7 የተምታቱበት መጋዘን መስከረም 21 ቀን የሚከፍተው 12.8 ሜጋቤኩሬል ያለበትን ብልቃጥ ነው። ጊዜ ካጠረዎ አክቲቪቲውን ደጋግሞ ከማጣራት ይልቅ ቀኑን አጣሩ።

መከለያው ላይ በሚንጠለጠለው ካርድ ስሙን ከነቁጥሩ፣ መነሻውን በሜጋቤኩሬል፣ የመነሻውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የተጠቀሙበትን ገደብ፣ እና «ከዚህ ቀን በፊት ለማስወገድ አይለካም» የሚል ቀን ይጻፉ። ገደቡ ካልተጻፈ ቀጥሎ የሚመጣው ሠራተኛ ቀኑ ከምን እንደተገኘ ማወቅ አይችልም።

ደረጃ 8፦ በመለኪያ ያረጋግጡ

ስሌቱ ሌብሉ እውነት ከሆነ ብቻ እውነት ነው፤ የሚፈትነው መለኪያ ነው። ለዚህ የመሣሪያውን ንባብ ወደ ቤኩሬል መቀየር አያስፈልግም። በደቂቃ የሚቆጥረው ቁጥር ልክ እንደ አክቲቪቲው በየ8.02 ቀኑ በግማሽ መውረድ አለበት። ቅድመ ሁኔታው መሣሪያው ያው፣ ርቀቱ ያው፣ የብልቃጡ አቀማመጥም ያው መሆኑ ነው። ርቀቱ በሁለት እጥፍ ቢጨምር ንባቡ ወደ ሩብ ሊወርድ ስለሚችል፣ መሣሪያው የሚቀመጥበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉበት።

ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ የአካባቢውን ጨረራ ይቀንሱ። መሣሪያው ምንም ናሙና ሳይኖርም ይቆጥራል፤ ከአፈሩ፣ ከግድግዳው፣ ከሰማይም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። ከሰማይ የሚመጣው ጨረራ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚጨምር፣ ኮምቦልቻ ላይ የተለካውን የአካባቢ ንባብ ይዞ ደሴ ላይ መቀነስ አይሆንም። እዚያው ክፍል፣ በዚያው ቀን፣ ናሙናው ርቆ ሳለ ይለኩ።

በቁጥር እንየው። በመጀመሪያው ቀን ንባቡ በደቂቃ 6445፣ የአካባቢው 45 ነበር፤ ልዩነቱ 6400። ከ56 ቀን በኋላ ንባቡ 96 ሆነ፤ 45 ሲቀነስ 51። ግማሽ ዕድሜው ከዚህ ይገኛል፦

```
T = 56 × ln(2) / ln(6400/51) = 8.03
```

8.03 ቀን ከ8.02 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሌብሉ ታማኝ ነው። 45ቱን ሳይቀንስ 6445ን ለ96 ያካፈለ ሰው ግን 9.23 ቀን ያገኛል፤ ያለ ምክንያት «ሌብሉ ውሸት ነው» ይላል።

ናሙናው ሲደክም ረዘም ላለ ጊዜ ይቁጠሩ። በአንድ ደቂቃ 96 ከተቆጠረ፣ ዳግመኛ ሲቆጠር 86 ወይም 106 መምጣቱ የተለመደ ነው፤ መፍረስ በዕድል የሚሆን ነገር ስለሆነ ቁጥሩ በካሬ ሥሩ ያህል ይዋዥቃል። ለ10 ደቂቃ ቆጥሮ ለ10 ማካፈል ውዥዋዡን ከሦስት እጥፍ በላይ ይቀንሰዋል። የአካባቢውንም እንዲሁ ለ10 ደቂቃ ይቁጠሩ።

ንባቡ ከስሌቱ በጣም ካነሰ ደስ አይበልዎ። አዮዲን ከስሌቱ ፈጥኖ አይፈርስም፤ ስለዚህ ወይ ርቀቱ ተለውጧል፣ ወይ ይዘቱ ፈስሷል ወይም ተንኗል ማለት ነው። መጋዘኑን ዘግተው ለጨረራ ደኅንነት ኃላፊው ያሳውቁ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

*`log` እና `ln` ማደባለቅ።* `log(1480)` ብሎ ለ0.693 ያካፈለ ሰው 36.7 ቀን ያገኛል። በ37ኛው ቀን ያለው ግን 60 ሜጋቤኩሬል ነው፣ የገደቡ 60 እጥፍ። ከላይም ከታችም `log`፣ ወይም ከላይም ከታችም `ln` ከሆነ መልሱ አንድ ነው፤ የሚያበላሸው ድብልቁ ነው።

*«በሁለት ግማሽ ዕድሜ ያልቃል» ማለት።* በመጀመሪያው 8 ቀን 740 ስለቀነሰ በሁለተኛው 8 ቀን የቀረውን 740 የሚጨርስ ይመስላል። የሚቀነሰው ግን ከቀረው ላይ ግማሹ ነው፤ 370 ይቀራል።

*«አሥር ግማሽ ዕድሜ ይበቃል» የሚለው ልማድ።* በአሥር ግማሽ ዕድሜ ናሙናው ወደ 1024ኛ ይወርዳል። የእኛ 1480 በ80.2 ቀን 1.45 ላይ ነው፣ ገና አልበቃም። ልማዱ የሚሠራው መነሻው ከገደቡ ከ1024 እጥፍ ካነሰ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መነሻውን ለገደቡ ያካፍሉ።

*ብርድና ሙቀትን መቁጠር።* ደሴ ስለምትበርድ ይዘገያል፣ ኮምቦልቻ ስለምትሞቅ ይፈጥናል ወይ ተብለን እንጠየቃለን። የመጋዘን ሙቀት ግማሽ ዕድሜን አይነካም፤ መፍረሱ የሚከናወነው በአተሙ አስኳል ውስጥ ነው። ሙቀት የሚያመጣው ለውጥ ትነቱ ላይ ነው፣ ብልቃጡ በደንብ ካልተከደነ።

*የታካሚ ግማሽ ዕድሜን ለብልቃጥ መጠቀም።* አዮዲን ከሰው ሰውነት በሽንትም ስለሚወጣ በሕክምና ሰነዶች ላይ ከ8.02 ያጠረ ቁጥር ሊታይ ይችላል። የተከደነ ብልቃጥ ግን በመፍረስ ብቻ ነው የሚቀንሰው፤ 8.02ን ይያዙ።

*ድብልቅን እንደ አንድ መቁጠር።* ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ከ1480 ሜጋቤኩሬል አዮዲን ጋር 2 ሜጋቤኩሬል ሲዚየም 137 ቢኖር፣ መጀመሪያ ላይ ማንም አያስተውለውም። መስከረም 21 ላይ አዮዲኑ ከ1 በታች ወርዷል፤ ሲዚየሙ ግን ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ስለሆነ እዚያው 2 ላይ ነው። የሲዚየም 137 ገደብ ደግሞ 0.01 ሜጋቤኩሬል ነው፤ ከ2 ወደዚያ ለመውረድ 230 ዓመት ይፈልጋል። ምልክቱ ደረጃ 8 ላይ ይታያል፦ የመጀመሪያዎቹ ንባቦች በየ8 ቀኑ በግማሽ ሲወርዱ ቆይተው፣ የአካባቢው ጨረራ በትክክል ተቀንሶም እንኳ አንድ ቁጥር ላይ መቆም ይጀምራሉ፤ የሚሠላው ግማሽ ዕድሜም በየጊዜው እየረዘመ ይሄዳል። ይህን ካዩ ካርዱ ላይ ያለውን ቀን ሰርዘው «ድብልቅ ሊሆን ይችላል» ብለው ይጻፉበት፣ ምን እንደተቀላቀለ በጋማ ስፔክትሮሜትር እስኪለይ ድረስም ብልቃጡን ከሌሎቹ ለይተው ያስቀምጡ።